የአዲስ አበባውን ሜሞ ድሬ ላይ ብትለጥፈው

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ "እስቲ ዓይን ጣል አድርግበት" ብሎ ሰነድ ላከልኝ። ርዕሱ "ለፕሮጀክቱ ቡድን፦ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ሲስተሞች የዲዛይን መነሻ" ይላል። ፕሮጀክቱ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የታሰበ ሆቴል ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ "የውጪ ሙቀት፦ 26 ዲግሪ" የሚል አየሁ። ቆም አልኩ። 26 ዲግሪ እኮ ድሬ ላይ የማለዳ ነፋሻ ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፋይሉ አዲስ አበባ ላይ ለተሠራ ሌላ ሆቴል የተጻፈ ነው። የከተማው ስም ተቀይሯል፤ ቁጥሮቹ ግን እዚያው ቀርተዋል። እኛ ሙያ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህን ሜሞ ብዙዎች እንደ ፎርማሊቲ ስለሚያዩት ነው፤ ተልኮ፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ፣ የሚረሳ ወረቀት።

እስቲ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ኮንሰፕት ደረጃ ማለት አርክቴክቷ ሕንጻውን ገና በሻካራው የምትስልበት ጊዜ ነው። ግድግዳ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ እዚያ ነው። የቧንቧ መስመር ወይም የኬብል ዲያሜትር ለመሳል ገና ነው። ግን የትራንስፎርመሩ ቦታ፣ የጄኔሬተሩ ክፍል፣ የውሃ ታንከሩ ክብደት፣ የኤሲው የውጪ ዩኒት የሚቀመጥበት ጥግ አሁን ካልተያዘ በኋላ አይገኝም። ስለዚህ መሐንዲሱ ከማንኛውም ስዕል በፊት "እነዚህን ነገሮች እውነት ናቸው ብዬ ነው የምነሳው" ብሎ ለቡድኑ ይጽፋል። አምስት ስድስት ገጽ ይበቃዋል። አርክቴክቷ፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ፣ ዋጋ የሚያወጣው ሰውና ባለቤቱ አንብበው "ይሁን" ወይም "አይሆንም" ይሉበታል። የዲዛይን መነሻ የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጂ+4 ሆቴል፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ በየፎቁ አሥር አሥር፣ በድምሩ 40 መኝታ ክፍል። ግራውንድ ላይ 150 ካሬ ምግብ ቤት፣ 150 ሰው የሚይዝ 200 ካሬ አዳራሽ፣ 120 ካሬ እንግዳ መቀበያ። ጠቅላላ ስፋቱ 2,800 ካሬ ሜትር አካባቢ።

አንዲቷ የሙቀት ቁጥር

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ 35፣ 36 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ሌሊቱም ብዙ አያሳርፍም፤ ቀን የተጠበሰው ግድግዳ ማታ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ታዲያ ለዲዛይን የትኛውን ቁጥር እንያዝ? እስከ ዛሬ ከታየው ሁሉ የሞቀውን ቀን ብንይዝ ለጥቂት ሰዓት ብለን ትልቅ ማሽን እንገዛለን። አማካዩን ብንይዝ ደግሞ ግማሹን ዓመት እንግዳ ያማርራል።

የተለመደው መንገድ ከአየር ማረፊያው ጣቢያ የብዙ ዓመት የሰዓት በሰዓት መረጃ መጠየቅ ነው። ከዚያ በዓመት ውስጥ ከአንድ በመቶው ሰዓት በላይ የማይታለፈውን ሙቀት መምረጥ። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ አንድ በመቶው 88 ሰዓት ገደማ። "በእነዚህ 88 ሰዓቶች ክፍሉ ትንሽ ሊሞቅ ይችላል፣ ይህንን ተስማምተናል" ማለት ነው። መረጃው እስኪመጣ እኔ ብሆን 37 ብዬ እይዛለሁ። ግን 37 ብቻ ብዬ አልተውም። በሜሞው ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

"የውጪ ሙቀት፦ 37 ዲግሪ። ደረጃ፦ ግምት። የሚያረጋግጠው፦ የጣቢያው መረጃ። ጠያቂ፦ ሜካኒካል መሐንዲስ። ከተለወጠ የሚነካው፦ የኤሲ መጠን፣ የኤሌክትሪክ ሎድ፣ ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተር።"

ለእኔ ሜሞውን ሜሞ የሚያደርገው ይህቺ "ደረጃ" የምትል ቃል ናት። እያንዳንዱ ቁጥር ወይ የታወቀ ነው፣ ወይ ግምት ነው፣ ወይ የባለቤቱን ውሳኔ የሚጠብቅ ነው። ሦስቱ ተቀላቅለው ከተጻፉ አንባቢው ሁሉንም እንደታወቀ ይወስዳቸዋል። ያ 26 ዲግሪም በዚሁ መንገድ ነው ሰተት ብሎ የገባው።

አሁን 26 እና 37 ምን እንደሚያመጡ በአዳራሹ እንይ። 150 ሰው ተሰብስቧል። ለአንድ ሰው በሰከንድ 8 ሊትር ንጹህ አየር እናስገባ፤ በድምሩ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 1.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ። ውስጡን 25 ዲግሪ ላይ መያዝ እንፈልጋለን። ውጪው 26 ከሆነ የሚገባው አየር ምንም አያስቸግርም፤ መስኮት መክፈት ራሱ ይበቃል። ውጪው 37 ከሆነ ግን እያንዳንዷን ሜትር ኩብ በ12 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አለብን። ድሬ ላይ በዚያ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1.2 በ12 ብናባዛ 14.4 ኪሎ ዋት ይመጣል። ይህ እንግዲህ ሰዎቹን፣ መብራቱንና ግድግዳውን ሳንጨምር፣ አየር ስላስገባን ብቻ የምንከፍለው ነው። አዲስ አበባ ላይ በነጻ የሚገባ አየር እዚህ አራት የመኝታ ክፍል ኤሲ ያህል ይጠይቃል።

ስለ አየሩ ክብደት አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዳርቻ ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ነው። ከፍታው ብቻውን 13 በመቶ ገደማ ይቀንስበታል። ሙቀቱ ሌላ ይቀንሳል። ፋን የሚገፋው መጠንን እንጂ ክብደትን አይደለም። ስለዚህ ካታሎግ ላይ ያለው ፋን እዚህ ያንኑ ያህል አየር ቢያንቀሳቅስም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። አየሩ የሚያልፍበት ዳክት ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። ለአርክቴክቷ ይህ ማለት የአዳራሹ ኮርኒስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። አሁኑኑ ማወቅ አለባት።

የውስጡን ሙቀት በተመለከተ ከባለቤቱ ጋር ክርክር አይቀርም። ሪሞት የያዘ ሰው ሁሉ 16 ላይ ያደርገዋል፤ ቶሎ የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። አያቀዘቅዝም፤ ሳያቆም ይሠራል እንጂ። እኔ 25 ዲግሪ ከጣሪያ ቬንትሌተር ጋር እጽፋለሁ። አየሩ ሲንቀሳቀስ 25 ለሰውነት ከዚያ የቀዘቀዘ ይመስላል። 22 ቢባል ከውጪው ጋር ያለው ልዩነት ከ12 ወደ 15 ያድጋል። በግድግዳና በንጹህ አየር የሚገባው ሙቀት በሩብ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ባለቤቱ ቁጥሩን አይቶ ይወስን።

ቁጥሩ ከአርክቴክቷ ጋር የገባው ውል

ለአንድ መኝታ ክፍል 24 ካሬ ሜትር በ150 ዋት እንያዝ። 3.6 ኪሎ ዋት ይሆናል። ገበያ ላይ 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለው ስፕሊት ኤሲ መሆኑ ነው። ጥሩ። ግን ይህ 150 ዋት ከሰማይ የወረደ አይደለም። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ጥላ አለው ብለን ነው።

ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ጥላ የሌለው አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ግማሽ ኪሎ ዋት አካባቢ ሙቀት ያስገባል። አርክቴክቷ ፊቱን ለማሳመር ለየክፍሉ 4 ካሬ መስታወት ወደ ምዕራብ ብታደርግ 2 ኪሎ ዋት በመስኮት ብቻ ገባ። ከ3.6 ውስጥ ከግማሽ በላዩ ተበላ። ያ 12 ሺህ ኤሲ ቀኑን ሙሉ እያጓራ ክፍሉ 29 ላይ ይቀራል። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉት የድሮ ቤቶች ሰፊ በረንዳ፣ ዛፍና ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው ለውበት ብቻ አይደለም። የሠሩዋቸው ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውም።

ስለዚህ በሜሞው ላይ ከ3.6 ቀጥሎ ቅድመ ሁኔታው ይጻፋል፦ "ይህ የሚሠራው የክፍሉ መስታወት ከ2.5 ካሬ ካልበለጠና ምዕራብ ለሚያዩት ጥላ ካለ ነው። ካልሆነ ቁጥሩ ይከለሳል።" ማስፈራሪያ አይደለም። ቁጥሩ የሁለታችንም እንደሆነ መናገር ነው።

የውጪው ዩኒት የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ሕንጻ ላይ የኤሲዎቹን የውጪ ዩኒቶች በሙሉ ጠባብ የብርሃን ጉድጓድ ውስጥ ደረደርኳቸው። ከመንገድ አይታዩም፣ አርክቴክቱም ደስ አለው። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ታች ያሉት ይሠራሉ፣ ላይ ያሉት ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ይቆማሉ፣ ማታ ደግሞ በራሳቸው ይነሳሉ። ቴክኒሻኑ ጋዝ ጎድሎ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ሞልቷል። ጋዝ አልጎደለም። የታችኛው ዩኒት የተፋውን ትኩስ አየር የላይኛው ይስበዋል፤ እሱ የተፋውን ደግሞ ከሱ በላይ ያለው። ጣሪያው ጋ ቴርሞሜትር ብናወርድ 49 አነበበ። ኮምፕሬሰሮቹ ግፊት ሲበዛባቸው ራሳቸውን እያዳኑ ነበር። ምልክቱን ያዙልኝ፦ ከሰዓት የሚቆም፣ ማታ የሚሠራ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚብስ ከሆነ ችግሩ ማሽኑ ሳይሆን ቦታው ነው።

የኤሲ ካታሎግ ላይ የሚታየው አቅም ብዙውን ጊዜ በ35 ዲግሪ የውጪ ሙቀት የተለካ ነው። መደበኛው ዓይነት 43 አካባቢ ሲደርስ ገደቡ ላይ ነው። ለሞቃት አገር የሚሠራው ቲ3 የሚባለው ግን በ46 ይለካል፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ድሬ ከተማ 37 ቢሆንም የሶሌታ ጣሪያ ላይ በዩኒቱ ዙሪያ ያለው አየር በቀላሉ 43 ይደርሳል። ስለዚህ "ቲ3 ዓይነት" የሚለው አንድ ቃል ሜሞው ላይ ካልገባ ዋጋ የሚያወጣው ሰው ርካሹን ይይዛል፤ ጥፋቱም የሱ አይሆንም።

ሁሉንም ጣሪያ ላይ እናውጣቸው ቢባልስ? ከአንደኛ ፎቅ እስከ ጣሪያ ወደ 14 ሜትር ይሆናል። ትንንሽ ስፕሊቶች ብዙዎቹ ይህን ያህል ከፍታ ቧንቧ አይፈቅዱም። ወይ በየፎቁ አየር የሚያገኝ መደርደሪያ ይሠራ፣ ወይ በአንድ ትልቅ ማሽን ብዙ ክፍል የሚያገለግለው ቪአርኤፍ ይገባ። እኔ የመረጥኩት መደርደሪያውን ነው። አንዱ ሲበላሽ አንድ ክፍል ብቻ ይዘጋል፤ ጠጋኙም እዚሁ ከተማ አለ።

ከሙቀት ወደ መብራት

አሁን እንደምር። 40 ክፍል በ3.6፣ 144 ኪሎ ዋት። ምግብ ቤትና አዳራሽ በካሬ 250 ዋት ተይዘው 37.5 እና 50። እንግዳ መቀበያው በካሬ 180 ዋት 21.6። ድምሩ 253 ገደማ የማቀዝቀዝ አቅም ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ 85 በመቶውን እንያዝ፤ 215። ይህ የሚወጣ ሙቀት እንጂ የሚበላ ኤሌክትሪክ አይደለም። በዚህ ሙቀት አንድ ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ 2.7 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል ብለን እንያዝ። ስለዚህ ኤሲው የሚጠይቀው 80 ኪሎ ዋት ነው።

የቀረውን አጠር ላድርገው። ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ 39፣ መብራትና ሶኬት 27፣ ሊፍትና ፓምፕ 18፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያ 15። የውሃ ማሞቂያው ትንሽ የሆነው ሶላር ጣሪያ ላይ ስላለ ነው፤ ድሬ ላይ ፀሐይን ትቶ ለየክፍሉ ቦይለር መስቀል ለእኔ ኃጢአት ነው። የእሳት አደጋ ፓምፑ በዚህ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይታያል። ጠቅላላው 179 ኪሎ ዋት።

ትራንስፎርመር በኬቪኤ ነው የሚገዛው። ኪሎ ዋት ሥራ የሚሠራው ነው፤ ኬቪኤ ደግሞ ሽቦው በእውነት የሚሸከመው። የሁለቱን ጥምርታ፣ ፓወር ፋክተር የሚባለውን፣ 0.85 ይዘን 179ን ብናካፍልበት 210.6 ይመጣል። ለነገ 25 በመቶ ብንጨምር 263። ገበያ ላይ የሚቀርበው መጠን 315 ነው።

አሁን ያንን የተቀዳ ሜሞ አስታውሱ። እዚያ ላይ መኝታ ክፍሎቹ ኤሲ የላቸውም፤ ለአዲስ አበባ ትክክል ነው። ኤሲው ለአዳራሽና ለጥቂት ቦታ 25 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ያው ሆኖ ድምሩ 124 ይሆናል። ለ0.85 ተካፍሎ፣ 25 በመቶ ተጨምሮ 182። የሚያዘው 200 ኬቪኤ ነው። እንግዲህ ጥያቄው በ200 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ይገባል፣ ክፍሉ በ200 ይሠራል፣ ዋናው ኬብል በ200 ይቀበራል። ከዚያ ሆቴሉ ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ባለቤቱ ለየክፍሉ ኤሲ ይገዛሉ፤ ድሬ ነዋ! አንዲት የተረሳች ቁጥር ማለት ይህ ነው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ስሌት አልተሳሳተም።

ኬብሉም የራሱ ታሪክ አለው። የኬብል አቅም ሠንጠረዥ በአብዛኛው 30 ዲግሪ አየር ብሎ ነው የሚነሳው። ተራ የፒቪሲ ኬብል 40 ዲግሪ ውስጥ ሲሆን ከአቅሙ 87 በመቶ፣ 50 ውስጥ ሲሆን 71 በመቶ ብቻ ነው የሚሸከመው። ጣሪያ ላይ ፀሐይ በሚመታው ኮንዲዩት ውስጥ የሚሄድ ኬብል 50ን እንደ መነሻ ይያዝ። ሜሞው ላይ አንድ መስመር ነው፤ ኋላ ግን ብሬከሩ በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለምን ይወድቃል የሚለውን ጥያቄ ያስቀራል።

"ሁሉም ይሥራ"

ጄኔሬተሩ ላይ ስንደርስ የባለቤቱ መልስ አንድ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ቶሎ ይወድቃል፤ አንድ ባለቤት ሜሞውን ገፋ አድርገው "አቦ ኢንጂነር፣ አንተ ደግሞ! መብራት ሲሄድ ሁሉም ይሥራ፣ አለቀ" አሉኝ። እሺ፣ "ሁሉም" ስንት ነው?

ጄኔሬተር ላይ የተጻፈው ኬቪኤ በ0.8 ተባዝቶ ኪሎ ዋቱን ይሰጣል። 250 ኬቪኤ 200 ኪሎ ዋት ነው። ከፍታውና የክፍሉ ሙቀት ሞተሩን ያዳክሙታል። ትክክለኛው ቅናሽ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ይወሰዳል፤ ለአሁኑ 10 በመቶ ብለን እንያዝና "ግምት" ብለን እንጻፍበት። 180 ቀረ። እኛ የምንፈልገው 179። በአፍንጫ ነው የቆመው። ሊፍት ሲነሳ የሚስበውን ተጨማሪ ጉልበት ደግሞ አልቆጠርንም። ስለዚህ "ሁሉም" ማለት በእውነቱ 300 ኬቪኤ ነው።

ብዙ ሰው "ትልቅ ቢሆን ምን ችግር አለው?" ይላል። ችግር አለው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሆቴሉ የሚፈልገው 45 ኪሎ ዋት ቢሆን፣ ቅናሹ ተወስዶ 216 የሚሰጥ ማሽን 21 በመቶው ብቻ ይሠራል። ናፍጣ ሞተር ለረጅም ሰዓት ከ30 በመቶ በታች ሲሠራ በደንብ አይሞቅም። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ከጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ምልክቱ ጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ላይ የሚንጠባጠብ ጥቁር እርጥበት ነው። ቆይቶ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዘይት ይበላል።

ሌላው አማራጭ መለየት ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት አዳራሹ ኤሲ ባይኖረው፣ ልብስ ማጠቢያው ቢቆይ፣ የውሃ ማሞቂያው ሶላሩን ብቻ ቢጠቀም፤ 18.5፣ 15 እና 15 ቀነስን። 130.5 ቀረ። 200 ኬቪኤ 160 ኪሎ ዋት ነው፤ ቅናሹ ሲወጣ 144። ይበቃል፣ 13 ይተርፋል። ሌሊት 45 ሲፈለግ 31 በመቶ ላይ ይሠራል።

ግን አዳራሹ ሠርግ የሚደገስበት ከሆነስ? ሠርግ ላይ መብራት ጠፍቶ 150 ሰው 37 ዲግሪ ውስጥ... ይህ የመሐንዲስ ውሳኔ አይደለም። ሜሞው ሁለቱን አማራጭ ከነመዘዙ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ከታች ፊርማ ይጠይቃል። "በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ በዚህ እንቀጥላለን" የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ሜሞ ላይ አያለሁ። ለትንንሽ ነገር ይሁን። ለጄኔሬተር ግን ዝምታን እንደ ፊርማ መቁጠር ኋላ ሁለቱንም ወገን ያጣላል።

የት ይቀመጥ? ቤዝመንት ውስጥ አይደለም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መግደሉን ድሬ ያለ ሰው አይረሳም። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው በድንገት ይመጣል። ሳቢያን ከወንዙ ራቅ ያለ ቢሆን እንኳ ቤዝመንት የጎርፍ ውሃ የሚወርድበት ጉድጓድ ነው። ሜሞው ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ "ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተርና ዋናው ቦርድ ከግራውንድ ወለል በታች አይቀመጡም፤ ከግቢው አፈር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይሆናሉ።" አርክቴክቷ ቤዝመንቱን ለማሽን ልትሰጠው አስባ ከሆነ አሁን ትስማ። ግራውንድ ላይ መንገድ ዳር ያለ ቦታ ለሱቅ ስለሚፈለግ የሚያስነሳውን ጭቅጭቅ አውቃለሁ።

ውሃውን ባጭሩ። ለእንግዳ፣ ለሠራተኛ፣ ለምግብ ቤትና ለእጥበት በቀን 14 ሜትር ኩብ ገደማ ብንይዝና የሦስት ቀን ብናስቀምጥ 42 ሜትር ኩብ ነው። 42 ቶን! ስትራክቸራል መሐንዲሱ ይህን ጣሪያ ላይ በሮቶ ተደርድሮ ከሚያገኘው አሁን ያንብበው። 36ቱ ቦቴ ሊደርስበት በሚችል ጥግ መሬት ውስጥ፣ 6ቱ ብቻ ጣሪያ ላይ። የድሬ ውሃ ጠንካራ ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ማሞቂያው የሚገባው ውሃ ብቻ ማለስለሻ ያልፋል። ሁሉንም ማለስለስ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሕንጻ ኮዶቹን በተመለከተ የቧንቧውን፣ የኤሌክትሪኩንና የአየሩን ኮድ የሚጠቅስ አንድ መስመር ይበቃል። ኮድ መደርደር ሜሞውን አያወፍረውም፤ ኮዱ የማይወስነውን መናገር ነው ቁም ነገሩ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የጥያቄዎች ዝርዝር አለ፤ መልስ የሚጠበቅበት ሰውና ቀን ከጎኑ። በዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ እንጀራው እዚህ ይጋገራል ወይስ ይገዛል? ሰው ይስቃል። ከላይ ያለው ስሌት ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብሎ የያዘ ነው፣ እያንዳንዱ 3.5 ኪሎ ዋት። ወጥ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እማማ ግን "አምስት ካልሆነ ለ40 ክፍል አይበቃም" ይሉና ትክክል ናቸው። ሦስት ምጣድ ተጨመረ፤ 10.5 ኪሎ ዋት። ምጣዶች ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚጣዱት፣ ስለዚህ በከፊል ብለን መቀነስ አንችልም። ትራንስፎርመሩ ምንም አይለውም፤ 263 የነበረው 279 ይሆናል። ጄኔሬተሩ ላይ ግን 130.5 ወደ 141 ከፍ ይላል። ከ144 ውስጥ 3 ቀረ። ሊፍት ሲነሳ መብራቱ ብልጭ ይላል።

እናም ሁለተኛው የሜሞው እትም ላይ፣ ከአዲሱ ቀን በታች፣ እንዲህ ተብሎ ይገባል፦ "ምጣድ አምስት። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚሠሩት ሁለት ብቻ። ደረጃ፦ ታውቋል። ያረጋገጡት፦ የወጥ ቤት ኃላፊዋ።"